ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 28 ሆኖ ሳንባዋ እያካካሰ ነው ማለት ይቻላል?

ጠያቂ፣ ተለማማጅ ሐኪም፣ ደሴ

ሌሊት ተረኛ ነኝ። የ22 ዓመት ወጣት ከኩታበር መጥታለች። ኢንሱሊን ትወስድ ነበር፤ ለአራት ቀን አቋርጣለች። ታስላለች፣ ትኩሳት አላት፣ ድብታም ይዟታል። ከደም ወሳጅ የተቀዳው ደም ፒኤች 7.08፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28፣ ባይካርቦኔት 8 ነው። ሶዲየም 132፣ ክሎራይድ 96፣ ስኳር 486፣ አልቡሚን 2.0። ሽንቷ ውስጥ ኬቶን በብዛት አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ40 በታች ስለወረደ ሳንባዋ እያካካሰላት ነው ብዬ ልጽፍ ነው። ልክ ነው?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደሴ

መጀመሪያ አኒዮን ጋፑን አስላ። ስኳሯ ከፍተኛ ስለሆነ ሶዲየሙን ማስተካከል አለብህ፤ 138 ገደማ ይሆናል። ከዚያ ክሎራይዱንና ባይካርቦኔቱን ስትቀንስ ጋፑ 34 ይመጣል። ከፍተኛ ጋፕ ያለው አሲዶሲስ ነው፤ መንስኤውም ኬቶን ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ጋፑን ማስቀደሙ ተገቢ ነው፤ ለጋፕ የሚወሰደው ግን የተለካው ሶዲየም ነው። ስኳሩ ከሕዋሳት ውስጥ ውኃ ሲስብ ሶዲየሙንም ክሎራይዱንም አብሮ ያቀጥናል። አንዱን አስተካክለን ሌላውን ብንተው የሌለ ጋፕ እንፈጥራለን። ስለዚህ 132 ሲቀነስ 96፣ ሲቀነስ 8፣ 28 ነው። መስተካከል ያለበት አልቡሚኑ ነው፤ ከ4 በታች ለወረደ ለእያንዳንዱ ግራም 2.5 እንጨምራለን። ጋፑ 33 ሆነ። ከ12 በላይ በ21 ጨምሯል፣ ባይካርቦኔቱ ደግሞ ከ24 በ16 ወርዷል። ጭማሪው ለቅነሳው ሲካፈል 1.3 ስለሚመጣ ሌላ የሜታቦሊክ ችግር እንድንፈልግ አያስገድደንም።

አሁን ወደ ሳንባዋ። ጥያቄው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወርዷል ወይ አይደለም፤ መውረድ ያለበትን ያህል ወርዷል ወይ ነው።

```
PCO2 = 1.5 × HCO3 + 8 (± 2)
     = 1.5 × 8 + 8 = 20 (18–22)
```

20 ይጠበቅ ነበር፤ እሷ 28 ላይ ናት። ይህ ማካካስ አይባልም፤ በሜታቦሊክ አሲዶሲሱ ላይ የመተንፈሻ አሲዶሲስ ተደርቧል። ሳንባ ሙሉ ለሙሉ ለማካካስ ቢበዛ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ እሷ ግን ቀናት አልፈዋታል። ወጣቷ ወይ እየደከመች ነው፣ ወይ ሳንባዋ ታሟል፣ ወይ ሁለቱም። የአተነፋፈሷ ብዛት ስንት ነው?

ጠያቂ

18 ነው፤ ጥልቀትም የለውም። በቀኝ ሳንባዋ ግርጌ ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ ይሰማል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ፒኤች 7.08 የሆነ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ነበረበት። ሲኒየሩን አሁኑኑ ጥራ። ፈሳሹንና አንቲባዮቲኩን ጀምር፤ ኢንሱሊኑን ግን ፖታሲየሙን ሳታይ አትጀምር። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ28 ወደ 35 ቢሄድ እንደ መሻሻል እንዳትወስደው፤ ባይካርቦኔቱ ባለበት ሆኖ ፒኤቹ ወደ 6.98 ይወርዳል።

ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

እኛ ዘንድ አንድ ተቅማጥ የያዘው ታካሚ ነበረን፤ ውጤቱ ግራ ቢያጋባን ሄፓሪኑ በመርፌው ውስጥ በዝቶ ተገኘ። ደሴ እስኪደርስም መንገድ ላይ ቆይቶ ነበር። የዚህችም ናሙና ልክ ላይሆን ይችላል። ፒኤቹ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ባይካርቦኔቱ እርስ በርስ መስማማታቸውን አስላ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

መጠርጠሩ መልካም ነው፤ ይህ ስሌት ግን አያድነንም። የደም ጋዝ መሣሪያው ባይካርቦኔቱን ራሱ ከሌሎቹ ሁለቱ ስለሚያሰላው ሁልጊዜ ይስማማሉ። የሚጠቅመው በኬሚስትሪ ማሽን ከተለካው ባይካርቦኔት ጋር ማነጻጸር ነው። ደግሞም የበዛ ሄፓሪን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ዝቅ ያደርጋል፤ ስህተቱ ያ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር ከ28 በላይ ነው፣ ይብሳል። ከፍ የሚያደርገው የናሙናው መቆየት ነው።

ጠያቂ

ናሙናው ወዲያው ነው የተለካው። በኬሚስትሪው ባይካርቦኔት 9 ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

እንግዲያው 28ን እመነው። በ9 ብታሰላም የሚጠበቀው 21.5 ነው።

የማደንዘዣ ባለሙያ

ቱቦ ማስገባት ካስፈለገ አንድ ነገር አደራ። በማሽኑ ላይ የተለመደውን ቁጥር አታስገቡ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዷ 40 ሲደርስ ፒኤቿ 6.92 ይሆናል። መድኃኒቱ ትንፋሿን በሚያቆምበት ደቂቃም ቢሆን በእጅ ፈጥኖ መንፋት ያስፈልጋል።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደሴ

የሶዲየሙን ነገር ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የሚኖር ጤነኛ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ40 ያነሰ ነው። ቀመሩ ለእኛ ይሠራል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ደጋ ላይ የሚጠበቀው ቁጥር ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ ግን የምስማማበት ቁጥር የለኝም። እኔ ቀመሩን እንዳለ እጠቀማለሁ።

የማደንዘዣ ባለሙያ

እኔ ደግሞ የላይኛውን ጠርዝ፣ 22ን፣ ለደሴ ሰው አልቀበልም። ለዚህች ወጣት ግን ልዩነት የለውም፤ በሁለታችንም ስሌት 28 ከፍ ያለ ነው።

ጠያቂ

ሲኒየሩ መጥቷል፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እየወሰድናት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደሙን ደግመን እንቀዳለን።