ጥብቅ በሆነ የክፍያ ማሳሰቢያ ውስጥ ወዳጅነትን እንዴት ላሳይ?

የምጽፈው አጭር ልብ ወለድ መጨረሻው ላይ ቆሞብኛል። ዋናው ገጸ ባሕርይ መርካቶ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት የሒሳብ ሹም ነው። ባለዕዳው ደግሞ አብሮ አደጉ ሲሆን፣ ገበያ ቀዝቅዞበት በዱቤ የወሰደው የ230,000 ብር ዕቃ ዕዳ የመክፈያ ቀኑ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ 30,000 ብሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ድርጅቱ ከደንበኛው አንድም ብር ሳይሰበስብ፣ ሽያጩ የተመዘገበበትን ወር ሲያሳውቅ ታክሱን ከራሱ ካዝና ከፍሏል። ሥራ አስኪያጁን ይበልጥ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ደብዳቤውን መጀመሪያ በመሥሪያ ቤት ወግ ጻፍኩት፦ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቀሪ ዕዳ፣ የ10 ቀን ገደብ፣ ካልተከፈለ ጉዳዩ ወደ ሕግ እንደሚሄድ። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማንም ለማንም ሊጽፈው የሚችል ሆነ። ቀጥሎ «ችግርህ ይገባኛል፣ ሲመችህ ክፈል» የሚል ሐረግ ጨመርኩበት። ያን ጊዜ ገደቡ ፈረሰ፤ ወረቀቱም ባለዕዳው «ጊዜ ተሰጥቶኛል» ብሎ ሊከራከርበት የሚችል ማስረጃ ሆኖ አረፈው፤ ሥራውን የሚያውቅ የሒሳብ ሹም ደግሞ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ፈርሞ አያወጣም። ስልክ ባስደውለው ታሪኩ ከደብዳቤው ይሸሻል።

አሁን የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፦ ደብዳቤው እንደ ደረቀ ቆይቶ፣ ወዳጅነቱ ዕዳውን በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል በሚያቀርብለት፣ ቀንና መጠኑ በተቆረጠ የክፍያ ሐሳብ ብቻ ቢታይ፣ አንባቢ ሆናችሁ ስታዩት ይሰማችኋል?