የባጃጅ ኢንሹራንስ ዓርብ ያልቃል፣ ብሩ አልሞላም

ጠያቂ፣ ድባንቄ፦ ወገን ድረሱልኝ። ኢንሹራንሱ ዓርብ ያበቃል። 12,000 ብር ተብያለሁ፣ እጄ ላይ 5,000 ብቻ ነው ያለው። ዓመት በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው የምጨነቀው። በየወሩ ላስቀምጥ ብል ስንት ይበቃኛል?

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ገንዘብ እጅ ላይ ካደረ ይጠፋል። የዛሬ ልጆች ሻይ ቡናው ላይ ነው የምትጨርሱት። መቆጠብ ከልጅነት ነው የሚለመደው።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ 12,000 ለ12፣ በወር 1,000። አለቀ። ዕቁብ ግባ።

እናት ባንቺ፦ እኔም መስከረም ላይ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ያንገበግበኛል። ዕቁብ ገብቼ ዕጣው የወጣልኝ ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ምን ይሠራልኛል? ዕጣ የክፍያ ቀን አይጠብቅም።

ጣና ዳር፦ ወንድሜ፣ 1,000 አይበቃህም። ዋጋው ሊጨምር ስለሚችል 13,200 ብለህ ያዝ። ደግሞ ከቀኑ አንድ ወር ቀድሞ እንዲሞላ ለ11 አካፍለው፦ በወር 1,200። ባጃጅ ደመወዝ የለውም፣ ስለዚህ በወር አታስብ። በወር 24 ቀን ከሠራህ በቀን 50 ብር ነው። ማታ ነዳጁን ስትቀንስ 50ዋን አብረህ ቀንስ፣ ሞባይል ባንኪንግ ያልተከፈተበት ሌላ ደብተር ውስጥ በየሳምንቱ አስገባ። በጥምቀት ሰሞን ሥራ ሲደራ ቀድመህ ጨምር፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያስተኛህ ያ ይሸፍንሃል።

የሚከብደው የመጀመሪያው ዓመት ነው። የጎደለህን 7,000 ተበድረህ በ7 ወር ብትመልስ፣ 1,000 ለዕዳው፣ 1,200 ለመጪው። እስከ 7ኛው ወር 2,200 መቻልህን አይተህ ግባ።

ሹፌር ነኝ፦ ለባጃጅ ሙሉ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል? ግዴታው ሦስተኛ ወገን ነው። ከሙሉው ይረክሳል፣ እሱን ከፍለህ ተገላገል።

ጣና ዳር፦ ግማሹ ልክ ነው። ሦስተኛ ወገን የተጎዳውን ሰው ነው የሚክሰው። ባጃጅህ ቢሰረቅ ወይም ቢገለበጥ ግን ላንተ አንድ ብር የለህም። ዓርብ ካልተሞላ ሦስተኛ ወገኑን አስቀድም፤ ያለ እሱ መንገድ አትውጣ። ሙሉውን ግን እንዳትረሳ።

ጠያቂ፦ ባጃጁ በብድር ነው የተገዛው፣ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ ይላል።

ጣና ዳር፦ ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን! እንግዲያማ ውሉን ሳታይ አትቀንስ። ነገ ጠዋት አበዳሪው ጋ ሂድ፣ የጥቂት ቀን ጊዜ ይሰጥህ እንደሆነ ጠይቅ። ኢንሹራንሱ ክፍያውን ከፋፍሎ የሚቀበል ከሆነም ኢንሹራንስ ቢሮው ሄደህ ጠይቅ፣ ከተቀበለህ ግን ሽፋኑ የሚጀምረው ከየትኛው ክፍያ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡህ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ እኔ አሁንም ዕቁብ ነው የምለው።

እናት ባንቺ፦ የመጀመሪያ ዕጣ ከሰጡህ እሺ! ወንድሜ፣ ዓርብ ምን እንደሆንክ ንገረን።