ላፕቶፔ ተሰክቶ አይሞላም፤ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው ወይስ የባትሪው?

ጠያቂዋ፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ ላፕቶፔ ቻርጀር ሲሰካበት "Plugged in, not charging" ይላል፤ ባትሪውም 23 በመቶ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ነገ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፌን አስረክባለሁ፤ በሰፈራችን ደግሞ መብራት ይጠፋል። ሶኬት ቀይሬ ሞክሬያለሁ። ባትሪው ስለሞተ አዲስ ልግዛ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሰፈርተኛው፦ ላፕቶፑን ያጥፉት፤ ቻርጀሩን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ፤ ከዚያ መልሰው ይሰኩት። የእኔ በዚህ ተስተካክሏል።

የሌሊት ተማሪ፦ የእኔም እንዲሁ ይል ነበር፤ በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ባትሪው እንዳያረጅ ተብሎ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የተደረገ ገደብ ኖሯል። ገደቡን ሳነሣው መሙላት ጀመረ።

ሽቦ አንባቢ፦ ገደብ ቢሆን ኖሮ 23 ላይ ባልቆመ ነበር። ባትሪው ሞቷል የሚለውንም ለጊዜው እንተወውና ኤሌክትሪኩ እስከ የት እንደሚደርስ እንመልከት። ቻርጀሩ ተሰክቶ ላፕቶፑ የሚሠራና 23 በመቶው የማይቀንስ ከሆነ፣ ኃይሉ ከግድግዳው ተነሥቶ ላፕቶፑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሶኬቱ እስከ ቻርጀሩ ሳጥን ያለው ገመድ ጤነኛ ነው። እርሱ ቢበጠስ ላፕቶፑ መሰካቱንም ባላወቀ ነበር። አሁን ሁለት ነገር ይንገሩኝ፦ የቻርጀሩ ጫፍ በመካከሉ ቀጭን መርፌ አለው? ላፕቶፑ ሲነሣስ ማስጠንቀቂያ ያሳያል?

ጠያቂዋ፦ መርፌ አለው። ሲነሣ "The AC power adapter wattage and type cannot be determined" ይላል፤ እኔ ግን F1 ተጭኜ አልፈዋለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልፎ አልፎ ይመጣ ስለነበር ከዚህ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም።

ሰፈርተኛው፦ እግሩ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ሄዶ ጫማዬ ጠበበኝ እንዳለው ሰው ሆኑብን እኮ!

ጋሽ ቴስተር፦ ልጄ፣ ሳይለኩ መናገር ተገቢ አይደለም። የቻርጀሩን ጫፍ በቴስተር ለኪው፤ 19.5 ቮልት ከሰጠሽ ቻርጀሩ ደኅና ነው፣ ጥፋቱም የባትሪው ነው። የዛሬ ልጆች ሌት ተቀን ሰክታችሁ ስለምትተዉት ነው ባትሪ የሚሞተው።

ሽቦ አንባቢ፦ ጋሼ፣ መለካቱ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ለዚህ ዓይነቱ ቻርጀር አይሠራም። 19.5 ቮልቱ የሚመጣው በጫፉ የውጭና የውስጥ ቀለበት ነው። የመካከሉ መርፌ ኃይል አያመጣም፤ ላፕቶፑ «አንተ ስንት ዋት ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት መስመር ነው። መልስ ካላገኘ ለመሥራት የሚበቃውን ኃይል ብቻ ይወስዳል፣ ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። የመርፌው ሽቦ ከሁሉ የቀጠነ ስለሆነ፣ ገመዱ ከጫፉ ሥር በሚታጠፍበት ቦታ ቀድሞ የሚበጠሰው እርሱ ነው፤ ቴስተሩ በዚያን ጊዜም 19.5 ማለቱን አይተውም።

እህቴ፣ ላፕቶፑ በርቶ ሳለ ገመዱን ከጫፉ ሥር በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያጥፉት። ጽሑፉ ለአፍታ እንኳ ወደ "charging" ከተለወጠ ጥርጣሬው ገመዱ ላይ ይወድቃል፤ ነገር ግን የላፕቶፑ መሰኪያም ቢላላ ተመሳሳይ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ሌላ ቻርጀር መዋስ ነው። ጫፉ አንድ ዓይነት መሆኑ አይበቃም፤ ዋቱ ከእርስዎ ማነስ የለበትም። የእርስዎ ጀርባ ላይ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ከተጻፈ 65 ዋት ነውና በ45 ዋት ከሞከሩት ፈተናው ያሳስትዎታል። ባትሪውን ደግሞ በዚህ ትእዛዝ ይዩት፤ ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠው ራሱ ይነግርዎታል።

```
powercfg /batteryreport
```

ጠያቂዋ፦ ሪፖርቱ "DESIGN CAPACITY" 42,000፣ "FULL CHARGE CAPACITY" 31,500 ይላል። ገመዱን ሳጥፈው ሁለት ጊዜ ያህል "charging" ብሎ ተመለሰ፤ አሁን 24 በመቶ ሆኗል!

የሌሊት ተማሪ፦ 75 በመቶ ብቻ ከቀረው ባትሪው አርጅቷል ማለት አይደለም እንዴ?

ሽቦ አንባቢ፦ አርጅቷል፤ ያረጀ ባትሪ ግን ቶሎ ያልቃል እንጂ ለመሙላት እንቢ አይልም። በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የተበላሸ ባትሪ እንቢ ሊል ይችላል፤ ያንን ይህ ሪፖርት አያሳየንም። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ስለ ቻርጀሩ ስለሚናገር፣ ጥቂት ብትሆንም 1 በመቶ ስለ ጨመረ፣ ሳይዋሱ ባትሪ እንዲገዙ አልመክርም። በተዋሱት ቻርጀር ማስጠንቀቂያው ከጠፋ ቻርጀር ይግዙ፤ ካልጠፋ የላፕቶፑ መሰኪያ ይታያል፤ በብዙ ሞዴሎች ለብቻው ተነቅሎ ይቀየራል፣ በአንዳንዶቹ ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አሁኑኑ ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ይገልብጡት።

ጠያቂዋ፦ ገልብጫለሁ። ጎረቤታችን 90 ዋት የሆነ አለው፤ ከሥራ ሲመለስ እዋሰዋለሁ። ዋቱ መብለጡ አያቃጥለውም?

ሽቦ አንባቢ፦ አያቃጥለውም። ቮልቱ ያው 19.5 እስከሆነ ድረስ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል።

ሰፈርተኛው፦ 30 ሰከንዱንስ ሞከሩት?