የሞመንተም ውድቀት፦ የሾርቱን ጎን ልተወው ወይስ መጠኑን ልቀንስ?

ሰላም፣ አንድ ነገር አልፈታ ብሎኛል። የአሜሪካ አክሲዮኖችን በየወሩ መጨረሻ ባለፉት 12 ወራት ትርፋቸው ደረጃ አወጣለሁ፤ የመጨረሻው ወር ብዙ ጊዜ ስለሚቀለበስ አይቆጠርም። ከላይ ያሉትን 10% እገዛለሁ፣ ከታች ያሉትን 10% ሾርት አደርጋለሁ።

ችግሩ እ.ኤ.አ. ማርች 2009 ላይ ነው። ገበያው ሲያንሰራራ ክፉኛ የወደቁት ባንኮች ከሁሉም በላይ ተተኮሱ፤ ኪሳራው በሙሉ ማለት ይቻላል የመጣው ከሾርቱ ነው። ከረጅም ውድቀት በኋላ የታችኞቹ ቤታ ስለሚያብጥ ፖርትፎሊዮው ሳይታወቅ ገበያው ይወርዳል ብሎ ተወራርዷል ማለት ነው።

አሁን የስትራቴጂውን የ6 ወር የዕለት መዋዠቅ ለክቼ መጠኑን አስተካክላለሁ፤ ግቡ በዓመት 12% ሆኖ የተለካው በዓመት 30% ከሆነ 0.4 ብቻ እይዛለሁ። ግን የ6 ወር ልኬት ዘገምተኛ ነው፤ ወር መሃል ላይ ቢፈነዳም እስከ ወሩ መጨረሻ አልነካውም። መጠኑን ብቻ በየሳምንቱ ላድስ? ወይስ የገበያው የ24 ወር ትርፍ ከዜሮ በታች ሲሆን ሾርቱን ልዝጋ? የግብይት ወጪን ቆጥሮ ሁለቱን ያወዳደረ ካለ ውጤቱን ያካፍለኝ።