«መቃሲድ» በአማርኛ ምን ይባል?

ቃል ለቃሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ ትምህርት ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ጸሐፊው «መቃሲድ» የሚለውን ቃል አንድ ገጽ ላይ «የሸሪዓ ዓላማዎች» ብለውታል፤ ሁለት ገጽ አልፈው ደግሞ «የሕዝብ ጥቅም» ይሉታል። ሁለቱ አንድ ናቸው? ካልሆኑ የቱን ላስቀር?

የሕግ ደብተር፦ እኔ «የሕጉ መንፈስ» በሚለው እተካው ነበር። ነገሩ በየትኛውም ሕግ ያለ ነው፤ ዳኛው ፊደሉን ትቶ ሕግ አውጪው ወደፈለገው ነገር ይሄዳል።

ኑሪያ፦ ቃሉ «ቀስድ» ከሚለው የመጣ ከሆነ ሐሳብ፣ ኒያ ማለት አይደለም? የምጠይቀው የራሴ ጉዳይ ስላለኝ ነው። ኮምፒውተሬን ለጥገና ሰጥቼ ሙሉ በሙሉ ተበላሽቶ ተመለሰልኝ። ጠጋኙ «ሆን ብዬ አላደረግሁትም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። በመቃሲድ ከተሄደ ሐሳቡ ስለሚታይ ነጻ ይወጣል ማለት ነው?

የመድረሳው ልጅ፦ እህት ኑሪያ፣ ሥሩን በትክክል ይዘሻል። የግራናዳው የፊቅህ ሊቅ አሽ-ሻጢቢም (እ.ኤ.አ. በ1388 ያረፈው) የሕግ ሰጪውን ቀስድና የሕግ ተገዢውን ቀስድ ለይቶ ሁለቱንም በሰፊው ጽፎባቸዋል። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ መጀመሪያው ነው። የሚታየው የጠጋኙ ልብ ሳይሆን ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ነገር ነው።

ያንቺ ጉዳይ ደግሞ በኪታቦቹ ውስጥ በደንብ የታወቀ ነው፤ የሚገኘው ግን በልብስ ሰፊና በነጋዴ ታሪክ ነው። በመሠረቱ ዕቃ በእጁ የተሰጠው ሰው ባለ አማና፣ ማለትም አደራ ተቀባይ ነው። ካላጠፋ ወይም ቸል ካላለ አይከፍልም። አሁን አስቢው፤ ጨርቅሽን ለሰፊ ሰጥተሽ «ጠፋብኝ» ቢልሽ ከየት ታውቂያለሽ? ሥራው የሚሠራው አንቺ በሌለሽበት፣ በእርሱ ሱቅ ነው፤ ቸልተኝነቱን የምታስረጂበት ምስክር የለሽም። እንግዲህ ወይ ሰው ዕቃውን ለባለ እጅ መስጠት ይተዋል፣ ወይ «ጠፋ» የሚል ሁሉ ይበላዋል። ስለዚህ ባለ እጁ ይክፈል ተባለ። «ሰዎችን ከዚህ በቀር የሚያስተካክላቸው የለም» የሚል ቃል ከዐሊይ ይነገራል። ከፊቅህ ወገኖች አንዱ በሆኑት በማሊኪዎች ዘንድ ያለ ጥፋቱ በእሳት ወይም በሌላ አደጋ መጥፋቱን በምስክር ያረጋገጠ ባለ እጅ ከዕዳው ይወጣል። ሁሉም ግን አልተስማሙም። አቡ ሐኒፋ ዕቃው በባለ እጁ ሥራ ካልጠፋ አያስከፍሉም፤ ሁለቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ያስከፍላሉ።

የኮምፒውተርሽን ነገር እዚህ ልንፈርድ አንችልም፤ «ሆን ብዬ አይደለም» ማለቱ ብቻውን እንደማያድነው ግን ከዚህ ይታያል።

የሕግ ደብተር፦ እንግዲያስ ያልኩት ልክ ነበር! ፊደሉ «አማና ያዥ አይከፍልም» ይላል፤ መንፈሱ አሸነፈ።

የመድረሳው ልጅ፦ በግማሽ ልክ ነዎት። ችግሩ «ትቶ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሊቃውንቱ ጥቅም የመሰላቸውን ሁሉ አልተከተሉም። ሊቁ ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት) ሸሪዓ የሚጠብቃቸውን አምስት ነገሮች ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘርና ንብረት ብለው ቆጠሩ። በተለይ ነፍስ ከነፍስ ጋር ስትጋጭ ግን በሩን በጣም አጠበቡት። ሁለት ምሳሌ አላቸው።

አንደኛው ይህ ነው። ጠላት የሙስሊም ምርኮኞችን ጋሻ አድርጎ እየመጣ ነው። ካልተተኮሰበት አገሩን ይዞ ሁሉንም ይጨርሳል፤ በመጨረሻም ምርኮኞቹ ራሳቸው አይተርፉም። ቢተኮስ ደግሞ ምንም ያላጠፉ ሰዎች ይሞታሉ። ገዛሊ መተኮስ ይቻላል ይላሉ፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ሌላ መውጫ የሌለው የግድ ነገር መሆን አለበት፤ ውጤቱ የተረጋገጠ እንጂ የተገመተ መሆን የለበትም፤ አደጋውም ለጥቂቶች ሳይሆን ለሁሉም መሆን አለበት። ጠላት ምሽግ ውስጥ ገብቶ ምርኮኛ ጋሻ ቢያደርግ መተኮስ አይፈቀድም፤ ያለ ምሽጉ መኖር ይቻላልና።

ሁለተኛው የመርከቧ ምሳሌ ነው። ልትሰጥም ነው፤ አንድ ሰው ቢጣል የቀሩት ይድናሉ። ዕጣ ይጣል? አይጣልም። ብዙ ሰው ቢድንም የመርከቧ ሰዎች ጥቂቶች እንጂ ሁሉም አይደሉም። ዕጣውም ያላጠፋውን ሰው አጥፊ አያደርገውም።

እኔ የመርከቧን ምሳሌ ከጋሻው አስበልጬ እወደዋለሁ። ቁጥር ብቻውን እንደማይፈርድ የሚያሳየው እርሱ ነው።

ቃል ለቃሚ፦ እንግዲህ «የሕዝብ ጥቅም» መቅረት አለበት ማለት ነው። ያ በዐረብኛው «መስለሐ» መሆኑ ነው፤ መቃሲድ ግን የትኛው ጥቅም እንደሚቆጠር የሚለይበት ሚዛን ነው። ልክ ነኝ?

የመድረሳው ልጅ፦ ለገዛሊ አጻጻፍ ልክ ነህ። እርሳቸው መስለሐ የሚሉት እነዚያን አምስቱን መጠበቅን ነው፤ ሰው የሚመኘውን ጥቅም ሁሉ አይደለም።

ሐኪሟ፦ ጣልቃ ልግባ። በሥራዬ የሰውነት ክፍል ንቅለ ተከላ ጥያቄ ይገጥመኛል። በገዛሊ መስፈርት ከሄድን አንድ ታማሚ «ሁሉም» አይደለም። ታዲያ እንዴት ተፈቀደ?

የሕግ ደብተር፦ ይኸው፤ ኋለኞቹ ሦስተኛውን መስፈርት ጣሉት ማለት ነው።

የመድረሳው ልጅ፦ አልጣሉትም። መስፈርቱ የተቀመጠው አንድን ሕያው ሰው ለመግደል ነው። ከሞተ ሰው ሲወሰድ በአንድ በኩል የሬሳው ክብር፣ በሌላ በኩል የሕያው ነፍስ አለ። የሬሳው ክብር ቀላል ነገር አይደለም፤ የሙትን አጥንት መስበር የሕያውን አጥንት እንደመስበር ነው የሚል ሐዲስ አለ። ሆኖም ነፍሰ ጡር ሞታ ፅንሱ በሕይወት ቢኖር ሻፊዒዎች ሆዷ ይከፈት ብለዋል። ሐንበሊዎች ግን አዋላጆች ያውጡት እንጂ አይቀደድ አሉ። የዘመናችን ሊቃውንት ያገኙት ቀዳሚ ነገር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ሕይወቱ ወይም መሠረታዊ የሰውነት ተግባሩ በዚያ ክፍል ለተንጠለጠለ ሰው ከሙት መውሰድን ፈቀደ። ሟቹ ቀድሞ ወይም ወራሾቹ በኋላ መፍቀድ አለባቸው፤ ማንነቱ ካልታወቀ ወይም ወራሽ ከሌለው የሙስሊሞች ኃላፊ ይፈቅዳል። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ከሕያው ሰው ልብ መውሰድም እንዲሁ፤ ይህ የመርከቧ ክልከላ ራሱ ነው።

ሐኪሟ፦ ከባዱ ነገር እዚያ ላይ ነው። ለንቅለ ተከላ የሚሆነው ልብ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው አንጎሉ ሞቶ ልቡ በመሣሪያ እርዳታ ከሚመታ ሰው ነው። እርሱ ሙት ነው ወይስ ሕያው?

የመድረሳው ልጅ፦ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1986 ዐማን ላይ አንጎል ሙሉ በሙሉ ሥራውን ካቆመና ልዩ ሐኪሞች አይመለስም ካሉ እንደ ሞት ይቆጠራል ብሏል። ይህን የማይቀበሉ ሊቃውንት ግን አሉ። ለእነርሱ ያ ሰው አሁንም መርከቧ ላይ ነው፤ ሊጣል አይችልም። እኔ ወደ አካዳሚው አዘነብላለሁ፤ ግን ጥያቄው በመቃሲድ ብቻ አይፈታም። ሞት መቼ እንደሚሆን መቃሲድ አይነግርህም።

ኑሪያ፦ የእኔ ጠጋኝ እንግዲህ ይክፈል ወይስ አይክፈል?

የመድረሳው ልጅ፦ ማሊኪ ዳኛ ፈልጊ።

ቃል ለቃሚ፦ «የሸሪዓ ዓላማዎች» የሚለውን ይዣለሁ። «መስለሐ» የመጣበትን ቦታ ግን «ጥቅም» ከማለት በቃሉ ልተወው ወይ እያልኩ ነው፤ አስተያየት ያላችሁ ጻፉልኝ።