የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በቫን ደር ቫልስ ቀመር ከአይዲያል ጋዝ ውጤት ለምን በለጠብኝ?

ጀማሪዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። 2 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1 ሊትር ዕቃ ውስጥ በ300 ኬልቪን ሲቀመጥ የሚኖረውን ግፊት በአይዲያል ጋዝ ሕግ ስሠራ 49.24 አትሞስፌር፣ በቫን ደር ቫልስ ቀመር ስሠራ ደግሞ 50.24 አትሞስፌር አገኘሁ። ከመልመጃው ኋላ የተሰጠው መልስ ግን 39.5 ነው። የተጠቀምኩባቸው ቋሚ ቁጥሮች በሊትር፣ በአትሞስፌርና በሞል a = 3.592 እና b = 0.04267 ናቸው። ስሌቴ ይኸው፦

```
P = 2(0.08206)(300) / (1 - 2(0.04267)) - 3.592/1²
  = 53.83 - 3.59
  = 50.24
```

ስህተቱ የት ላይ ነው?

የማታ ተማሪ

እህቴ፣ የእውነተኛ ጋዝ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ የዕቃውን ግድግዳ የሚመቱት በተዳከመ ኃይል ነው። ስለዚህ የእውነተኛ ጋዝ ግፊት ሁልጊዜ ከአይዲያል ጋዝ ግፊት ያነሰ መሆን አለበት። ውጤትሽ ከ49.24 በልጦ ከወጣ አንድ ቦታ ላይ መሳሳትሽ እርግጥ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ከ R መለኪያ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን መርምሪ።

ከቤተ ሙከራ

R ትክክል ነው፤ 0.08206 ከሊትርና ከአትሞስፌር ጋር ይሄዳል። የጎደለው በሁለተኛው ክፍል ላይ ያለው የሞል ብዛት ካሬ ነው። ቀመሩ ሙሉ ሆኖ ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
P = nRT/(V - nb) - a·n²/V²
  = 53.83 - 3.592(4)/1
  = 53.83 - 14.37
  = 39.46
```

ይህን ስህተት መልስ ሳይሰጥሽም ልትይዢው የምትችይበት አንድ መንገድ አለ፤ እኔ ለተማሪዎቼ ዘወትር የማሳየው እሱን ነው። ዕቃሽን ልክ መሐል ላይ በቀጭን ግድግዳ ለሁለት ክፈይው። አሁን በእያንዳንዱ ወገን 1 ሞል ጋዝ በግማሽ ሊትር ውስጥ አለ። ግድግዳው ስለገባ ብቻ ግፊቱ ሊለወጥ አይችልም፤ ጋዙ ያው ጋዝ ነው፣ እፍጋቱም ያው ነው። ያንቺን አጻጻፍ ተከትለን ለ1 ሞልና ለ0.5 ሊትር ብንሠራ ግን የመጀመሪያው ክፍል እንደገና 53.83፣ ሁለተኛው 3.592/0.25 ማለትም 14.37 ሆኖ ግፊቱ 39.46 ይወጣል። አንድ ጋዝ ሙሉ ዕቃ ሲሆን 50.24፣ ለሁለት ሲከፈል 39.46 የሚያወጣ ቀመር ከአንድ ቦታ ላይ n ጎድሎታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት እኔ ከመጀመሪያው ይዘቱን በሞል ብዛት አካፍዬ፣ ለአንድ ሞል የሚደርሰውን ይዘት ብቻ ይዤ መሥራት እመርጣለሁ፤ ያኔ የሚረሳ n አይኖርም።

ካሬው ከየት መጣ ብትዪ፣ ወደ ግድግዳው የሚቀርበውን ሞለኪውል ወደ ኋላ የሚጎትቱት ከኋላው ያሉት ናቸው፤ የእነሱ ብዛት በእፍጋቱ ልክ ነው። ግድግዳውን የሚመቱት ሞለኪውሎች ብዛትም እንዲሁ በእፍጋቱ ልክ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲባዙ እፍጋቱ በራሱ ይባዛል። ስለዚህ ጋዙ ሲታመቅ የመሳሳቡ ቅናሽ በፍጥነት ያድጋል።

የማታ ተማሪ ላለው ግን አንድ እርማት አለኝ። ውጤቱ የተሳሳተ መሆኑን በትክክል ጠርጥሯል፤ ምክንያቱ ግን አይሠራም፤ «ሁልጊዜ ያነሰ» የሚባል ነገር የለም። በዚሁ ስሌት ውስጥ ሁለት እርማቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ቦታ በመያዛቸው የተነሳ ግፊቱ ከ49.24 ወደ 53.83 ከፍ ይላል፤ ይህ 4.59 አትሞስፌር ነው። መሳሳቡ ደግሞ 14.37 ይቀንሳል። እዚህ መሳሳቡ አሸነፈ፤ በሌላ ጋዝ ወይም በሌላ ሙቀት ላያሸንፍ ይችላል።

ጀማሪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግድግዳውን ፈተና በሌላ መልመጃ ላይ ሞከርኩት፤ እዚያም n ረስቼ ኖሮ ወዲያው ያዘልኝ። ግን b ላይ n መጻፍ አልረሳም፣ a ላይ ብቻ ነው የምረሳው።

ሃይድሮጅን ያስቸገረው

እኔ ከአንቺ ጋር የሚቃረን ችግር ነበረብኝ። በተመሳሳይ ሙቀትና በተመሳሳይ ይዘት፣ ማለትም በ300 ኬልቪን 2 ሞል በ1 ሊትር፣ ሃይድሮጅን ሠራሁ። የሃይድሮጅን a 0.2444፣ b ደግሞ 0.02661 ነው። የመጀመሪያው ክፍል 52.00፣ ሁለተኛው 0.98 ወጣና ግፊቱ 51.03 ሆነ፤ ከአይዲያሉ በላይ ማለት ነው። «እውነተኛ ጋዝ ከአይዲያል ያንሳል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤ ስለነበር ትክክለኛውን መልስ ሦስት ጊዜ ሰርዤ እንደገና ሠራሁት። በመጨረሻ ደብተሬ ላይ የምልክት ስህተት ሆን ብዬ አስገብቼ ከ49.24 በታች አወረድኩትና ዜሮ ተሰጠኝ። ስለዚህ የማታ ተማሪ ያለውን ምክር የምታነቡ ሁሉ እባካችሁ እንደ ሕግ አትያዙት።

የማታ ተማሪ

ትክክል ነህ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ታዲያ የትኛው ጋዝ ከአይዲያሉ እንደሚበልጥና የትኛው እንደሚያንስ ሳይሠሩ ማወቅ ይቻላል?

ከቤተ ሙከራ

ጋዙ እጅግ ካልታመቀ ይቻላል። a ን ለ R እና ለ b ብዜት አካፍለው፤ የሚወጣው ቁጥር ሙቀት ነው። ጋዝህ ከዚያ ሙቀት በታች ከሆነ መሳሳቡ ያመዝናል፣ ግፊቱም ከአይዲያሉ ያንሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ይበልጣል። ለሃይድሮጅን 112 ኬልቪን ያህል ስለሚወጣ በ300 ኬልቪን ከአይዲያሉ በላይ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ 1026 ኬልቪን ያህል ይወጣል። እዚህ ላይ የቀመሩን ድካም ልብ በል፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ በሙከራ የሚታወቀው ይህ መሸጋገሪያ ወደ 715 ኬልቪን ገደማ ነው። ቫን ደር ቫልስ በ1873 ያቀረበው ቀመር አቅጣጫውን በትክክል ይነግርሃል፤ ቁጥሩን ግን በዚያ ልክ አትመነው።

የሲሊንደር ጠባቂ

ይቅርታ፣ እኔም ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ነው የምጠይቀው። 7.5 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር አለኝ። 5 ኪሎግራም ተሞልቶ ነበር፤ አሁን ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 4 ኪሎግራም ቀርቷል። የግፊት መለኪያው ግን ቅንጣት አልወረደም። በላይኛው ቀመር የቀረውን ጋዝ ግፊት ብሠራ መለኪያው መበላሸቱን ማረጋገጥ እችላለሁ?

ከቤተ ሙከራ

ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ቀመሩ የት እንደሚያቆም ስለሚያሳይ ልመልስልዎ። 4 ኪሎግራም 90.9 ሞል ያህል ነው፤ ለአንድ ሞል የሚደርሰው ይዘት 0.0825 ሊትር ይሆናል። በ300 ኬልቪን በአይዲያል ጋዝ ሕግ 298 አትሞስፌር፣ በቫን ደር ቫልስ 90 አትሞስፌር ገደማ ይወጣል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት ግን 66 አትሞስፌር ገደማ ነው፤ 5 ኪሎግራም ሳለም በዚያው ሙቀት ይኸው ነበር።

ምክንያቱ ሲሊንደርዎ ውስጥ ያለው ጋዝ ብቻ አለመሆኑ ነው። 300 ኬልቪን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወሳኝ ሙቀት፣ ከ304 ኬልቪን፣ በታች ስለሆነ ከታች ፈሳሽ፣ ከላይ ጋዝ ሆኖ ተከፍሏል። ጋዝ በወጣ ቁጥር ከፈሳሹ ይተናል፤ ስለዚህ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የቀረው መጠን አይደለም። ቀመሩ ሁሉንም እንደ አንድ ወጥ ጋዝ ቆጥሮ ስለሚሠራ ይህን መከፈል አያይም። ስለዚህ መለኪያዎ አልተበላሸም ይሆናል፤ የቀረውን የሚነግርዎ ግን ሚዛኑ ነው። በጠያቂዋ መልመጃ ለአንድ ሞል ግማሽ ሊትር ስለሚደርስ ሁሉም ጋዝ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቀመሩን መጠቀም ይቻላል።

የሂደት መሐንዲስ

ለምን በዚህ ቀመር ላይ ትቆያላችሁ? የሬድሊክና የክዎንግ ቀመር ከ1949 ጀምሮ አለ፤ እሱም እንደ ቫን ደር ቫልስ ሁለት ቋሚ ቁጥሮች ብቻ ነው የሚፈልገው። ለዚሁ መልመጃ በእሱ ስሠራ 38.4 አትሞስፌር አገኘሁ። በሙከራ ከተለካው የጋዙ ጠባይ ተነስቶ የሚወጣው ግፊትም ወደ 38 ይጠጋል። ስለዚህ 39.46 ሦስት ከመቶ ያህል ከፍ ብሏል። በሥራ ላይ ይህን ስህተት ይዞ የሚሄድ ሰው አላውቅም።

ከቤተ ሙከራ

በቁጥሩ እስማማለሁ። የመልመጃው ዓላማ ግን ሁለቱን እርማቶች ለያይቶ ማየት ነው። በቫን ደር ቫልስ አንዱ ቋሚ ቁጥር ቦታን፣ ሌላው መሳሳብን ይይዛል፤ በሬድሊክና ክዎንግ ግን b በሁለቱም ክፍል ውስጥ ይገባል፤ መሳሳቡንም ሙቀት ይለውጠዋል። እዚያ 4.59 ጨመረ፣ 14.37 ቀነሰ ብዬ እንደዚህ በንጹሕ መናገር አልችልም።

ጀማሪዋ

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሌላ ሠንጠረዥ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ a 3.640 ተብሎ ተጽፏል። እሱን ብጠቀም 39.27 ይወጣል። የትኛውን ልያዝ?

ከቤተ ሙከራ

3.640 በባር የተሰጠ ነው፤ ለ1.01325 ብታካፍዪው 3.592 ይመጣል። በባር ከሠራሽ R 0.08314 መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ቅይጥ አደገኛ የሚሆነው ውጤቱ ትክክል ስለሚመስል ነው፤ 50.24 ቢያንስ ያስደነግጣል፣ 39.27 ግን አያስደነግጥም።

የሂደት መሐንዲስ

ከዚያም ሌላ ሠንጠረዦች በመለኪያ ሳይለያዩ ትንሽ የሚለያዩ አሉ። ቋሚዎቹን ከወሳኙ ሙቀትና ከወሳኙ ግፊት ብታወጪ a 3.61፣ b 0.0429 ገደማ ይወጣል። እኔ ግን በምሠራበት የሙቀት ክልል የተለካ መረጃ ካለኝ ቋሚዎቹን በእሱ ላይ እንደገና ማስተካከል እመርጣለሁ።

ከቤተ ሙከራ

እኔ አላደርገውም። ለአንድ የሙቀት ክልል ሲስተካከሉ በሌላው ይብስባቸዋል፤ ያኔ a እና b ስለ ሞለኪውሉ የሚነግሩን ነገር አይቀርም።

የሂደት መሐንዲስ

ለእኔ ግን ከ a ትርጉም ይልቅ የማስገባው ግፊት ልክ መሆኑ ይበልጣል። በዚህ ላይ አንስማማም።