R² 0.998 ሆኖ ሳለ የሳምፕሌ ብረት ከዜሮ በታች ወጣ! ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ሰኒ_ላብ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፤ ሪፖርቱን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ውኃ ውስጥ ያለ ብረት በፌናንትሮሊን ለክቻለሁ፣ 510 ናኖሜትር ላይ።

```
mg/L    A
0       0.001
1       0.198
2       0.395
4       0.785
6       1.163
8       1.516
10      1.819
```

ኤክሴል y = 0.1839x + 0.0250፣ R² = 0.9983 ሰጠኝ። አንዱ ሳምፕል 0.060፣ ሌላው 0.018 አነበበ። ሁለተኛው ሲሰላ −0.04 ሚ.ግ/ሊ ይሆናል። መስመሩ እንዲህ ጥሩ ሆኖ ለምን? «የካሊብሬሽን ከርቩን ግለጪ» የሚለው ክፍል ላይስ እኩልታውንና R² ብቻ ብጽፍ ይበቃል?

ፈጣን_መልስ
ቀላል ነው። ትሬንድላይኑ ላይ ገብተሽ Set Intercept የሚለውን 0.0 አድርጊው። ብረት ከሌለ ቀለም የለም፣ መስመሩም በዜሮ ማለፍ አለበት። ኔጌቲቩ ይጠፋል፤ R² ራሱ ከፍ ይላል።

ኬሚ_ዘጠኝ
ሃይድሮክሲልአሚን ጨምረሻል ወይ? ፌናንትሮሊን ያንን ብርቱካናማ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ከFe²⁺ ጋር ነው። ውኃ ውስጥ ያለው ብረት አብዛኛውን ጊዜ Fe³⁺ ስለሆነ፣ ካልቀነሽው ሳምፕሉ ከእውነቱ ያነሰ ያነባል። ፒኤቹንም በአሲቴት በፈር መያዝ አለብሽ። በጣም አሲዳማ ከሆነ ቀለሙ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ቸኩለሽ ካነበብሽ ዝቅ ይልብሻል።

ሰኒ_ላብ
ጨምሬያለሁ። ስታንዳርዱም ሳምፕሉም ላይ እኩል መጠን ነው፣ በፈሩም አንድ ዓይነት። 0.018 ደግሞ ከብላንኩ 0.001 ይበልጣል እኮ! ከብላንክ በላይ እያነበበ እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል?

ቤተ_ሙከራ
እህቴ፣ መልሱ ያው አሁን የጠየቅሽው ውስጥ ነው። ብላንክሽ 0.001 አንብቦ ሳለ መስመሩ ግን ዜሮ ላይ 0.025 ይላል። ኬሚስትሪሽ ደህና ነው፤ መስመሩ ነው ታች ላይ ከነጥቦቹ በላይ የተንሳፈፈው። ብላንኩን ራሱን በእኩልታሽ ብታሰይው −0.13 ሚ.ግ/ሊ ይወጣል።

ለምን እንደተንሳፈፈ ለማየት ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ መስመሩ የሚሰጠውን ቀንሺ፦

```
mg/L    A - መስመር
0       -0.024
1       -0.011
2       +0.002
4       +0.024
6       +0.034
8       +0.020
10      -0.045
```

ምልክቶቹን ከላይ ወደ ታች አንብቢያቸው። ሁለት ኔጌቲቭ፣ አራት ፖዘቲቭ፣ መጨረሻ ላይ ትልቅ ኔጌቲቭ። የእጅ ስህተት ቢሆን ኖሮ ምልክቶቹ ይደበላለቁ ነበር። ይህ ግን ቅስት ነው፤ ነጥቦችሽ ላይኛው ጫፍ ላይ ጎብጠዋል። የ10 ነጥብ ከጫፍ ሆኖ መስመሩን ወደ ታች ሲስበው ስሎፑ ይቀንሳል፣ በዚያው ልክ ታችኛው ጫፍ ይነሳል። ሳምፕሎችሽ ያሉት ደግሞ እዚያው ታችኛው ጫፍ ላይ ነው።

R² ይህን አይነግርሽም። እሱ የሚያወዳድረው የነጥቦቹን ርቀት ከንባቡ አጠቃላይ ስፋት ጋር ነው። ስፋቱ ከ0.001 እስከ 1.819 ስለሆነ የ0.024 ስህተት ከቁጥር አይገባም። ሳምፕልሽ 0.018 ለሚያነብ ግን ያ ስህተት ከንባቡ ራሱ ይበልጣል።

ፈጣን_መልስ
እኔም ያልኩት ይኸው ነው፣ ኢንተርሴፕቱ ነው ችግሩ። ዜሮ አድርጊው ያልቃል። ደግሞ የዚህ ኢንተርሴፕት 95 በመቶ ክልል 0.025 ± 0.049 ነው፤ ከዜሮ የተለየ አይደለም። ስታቲስቲክሱም ይፈቅዳል።

ቤተ_ሙከራ
ወንድሜ፣ ± 0.049 ያልከው ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ክልሉ እንዲህ የሰፋው ቅስቱ የነጥቦቹን ብትን ስላሳበጠው ነው። ስህተቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ዜሮ ውስጡ ገባ። ይህን ይዞ «መስመሩ በዜሮ ያልፋል» ማለት አይቻልም።

በዜሮ ብናስገድደው ስሎፑ 0.1874 ይሆናል። የ1 ሚ.ግ/ሊ ስታንዳርድ ያኔ 1.06 ሆኖ ይመለሳል፣ የ10ሩ ደግሞ 9.70። ጉብጠቱ አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። R² ከፍ ይላል ያልከውም እውነት ነው፤ LINEST በዜሮ ሲገደድ 0.9992 ይሰጣል። ነገር ግን የስህተቶቹ ካሬ ድምር ከ0.0049 ወደ 0.0066 አድጓል። መስመሩ እየባሰ R² የተሻሻለው የማወዳደሪያው መነሻ ስለተቀየረ ነው፤ መጀመሪያ ከአማካዩ ነበር፣ አሁን ከዜሮ ሆነ። ሁለቱን R² ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አይቻልም።

ክሮማቶ
እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል፣ በኤችፒኤልሲ። ከ0.05 እስከ 50 ነው የምሠራው፣ ታችኞቹ ስታንዳርዶች ሲመለሱ 30 በመቶ ይስታሉ። 1/x² ክብደት ሰጥቼ ነው የተስተካከለው። ሰኒም ክብደት ትስጥ።

ቤተ_ሙከራ
ያንተ ሌላ በሽታ ነው። አንተ ዘንድ የብትኑ መጠን ከኮንሰንትሬሽኑ ጋር አብሮ ያድጋል፣ ለዚያ ክብደት መድኃኒቱ ነው። እሷ ዘንድ ነጥቦቹ ራሳቸው ጎብጠዋል። ክብደት ብትሰጥ ታችኛው ጫፍ ይስተካከልላታል፤ ላይኛው ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር በጎበጠ ነገር ላይ እንደጫነች ትቀራለች።

ሰኒ፣ ለዛሬ ማታ የሚሆንሽ ይህ ነው። 6፣ 8 እና 10ን አውጪና ከ0 እስከ 4 ባሉት ብቻ ሥሪ። ኤክሴል ላይ ኮንሰንትሬሽኑ A፣ ንባቡ B ዓምድ ውስጥ ካለ፦

```
=LINEST(B2:B5,A2:A5,TRUE,TRUE)
=T.INV.2T(0.05,2)
```

የመጀመሪያው አምስት ረድፍ በሁለት ዓምድ ይሰጥሻል። አንደኛው ረድፍ ስሎፕና ኢንተርሴፕት፣ ሁለተኛው የሁለቱ ስታንዳርድ ኤረር፣ ሦስተኛው R² እና ከጎኑ የነጥቦቹ ብትን ነው። ሁለተኛው ፎርሙላ 4.303 ይሰጣል፤ ስታንዳርድ ኤረሮቹን በእሱ አባዢ፣ የ95 በመቶ ክልልሽ እሱ ነው። አሮጌው ኤክሴል ከሆነ አስቀድመሽ አሥሩን ሴሎች መርጠሽ Ctrl+Shift+Enter ተጫኚ፤ ካልሆነ ስሎፑን ብቻ ነው የሚያሳይሽ።

ሰኒ_ላብ
ሠራሁት! ስሎፕ 0.1960፣ ኢንተርሴፕት 0.0018፣ ስታንዳርድ ኤረራቸው 0.0004 እና 0.0009፣ ብትኑ 0.0012። ሳምፕሎቹ 0.30 እና 0.08 ሆኑ። የመጀመሪያው ቀድሞ 0.19 ነበር! ግን ሦስት ነጥብ ጥዬ ሪፖርት ብጽፍ ዳታ ደበቀች አይሉኝም?

ቤተ_ሙከራ
የሚያስጠይቀው ሳይናገሩ መጣል ነው። ሰባቱንም ነጥቦች ግራፉ ላይ አስቀምጪ፤ የተጣሉትን ባዶ ክብ አድርጊያቸውና መስመሩን 4 ላይ አቁሚው። ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«የካሊብሬሽን መስመሩ ከብላንክና ከ1፣ 2 እና 4 ሚ.ግ/ሊ ስታንዳርዶች ተሠራ። ንባቡ በ510 ናኖሜትር፣ በ1 ሴ.ሜ ኩቬት ተወሰደ። ክብደት ያልተሰጠው ሊኒየር ሪግሬሽን A = 0.1960C + 0.0018 ሰጠ። በ95 በመቶ ስሎፑ 0.196 ± 0.002 ሊትር በሚ.ግ፣ ኢንተርሴፕቱ 0.002 ± 0.004 ሲሆን ከዜሮ አይለይም (n = 4)። ነጥቦቹ ከመስመሩ ያላቸው ርቀት ከ0.0013 አልበለጠም፤ ብትኑ 0.0012 ነው። የ6፣ 8 እና 10 ሚ.ግ/ሊ ስታንዳርዶች ከመስመሩ በታች በ1፣ 3 እና 7 በመቶ ስላነበቡ ከመስመሩ ክልል ውጭ ተደርገዋል።»

R² ከፈለጉ ጨምሪው፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ በእሱ አይጀምር። ኩቬቱ 1 ሴ.ሜ መሆኑን አልነገርሽንም፤ እኔ ከስሎፑ ነው የገመትኩት፣ አረጋግጪው። ሳምፕሎቹን 0.30 ± 0.03 እና 0.08 ± 0.03 ብለሽ ጻፊ፤ ይህ አንድ አንድ ጊዜ ካነበብሻቸው ነው። ስታሰይ 0.1960 እና 0.0018ን ሳታጠጋጊ ተጠቀሚ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ አጠጋጊ።

አይጥሜ
አንድ ነገር ልቃወም። የአራቱን ነጥቦች ምልክት ካያችሁት እዚህም −፣ +፣ +፣ − ነው። ትንሽ ቅስት! በእርስዎ ሚዛን ይህም መውደቅ አለበት። ጉብጠቱ ካለ ለምን በኳድራቲክ ሰባቱንም አንይዝም?

ቤተ_ሙከራ
ጥሩ አይተሃል። ግን የእነዚህ ርቀት 0.001 አካባቢ ነው፣ መሣሪያው የሚያሳየው የመጨረሻው አኃዝ ነው። በአራት ነጥብ ደግሞ ቅስትን ከአጋጣሚ መለየት አይቻልም። ስታንዳርዶቹ ሦስት ሦስት ጊዜ ቢነበቡ ኖሮ እንለየው ነበር። ኳድራቲክ የሚሆነው ጉብጠቱ ከየት እንደመጣ ታውቆ፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ሲታይ ነው።

ሁለት ምንጭ እጠረጥራለሁ። አንደኛው ዲቴክተሩ ላይ የሚሾልክ ባዕድ ብርሃን ነው። አብዞርባንስ 2 ላይ የሚያልፈው ብርሃን 1 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ በመቶ ቢሾልክ 2.0 መሆን የነበረበት 1.82 ይነበባል። ሁለተኛው ፌናንትሮሊኑ ማነሱ ነው፤ አንድ ብረት ሦስት ይወስዳል። ለመለየት ቀለም ያወጣውን የ10 ሚ.ግ/ሊ ሶሉሽን ፌናንትሮሊን በሌለው በፈር አራት እጥፍ አቅጥነሽ አንብቢ። 0.49 አካባቢ ካነበበ ቀለሙ ሙሉ ነበር፣ ችግሩ የመሣሪያው ነው። 0.455 ካነበበ ቀለሙ ራሱ ጎድሎ ነበር ማለት ነው።

ኬሚ_ዘጠኝ
እኔ ፌናንትሮሊኑ ነው ባይ ነኝ። ደግሞ ሁለቱም ሳምፕሎች ከ1 ሚ.ግ/ሊ በታች ናቸው፣ በብላንክና በመጀመሪያው ስታንዳርድ መካከል ምንም ነጥብ የለም። ጊዜ ካለሽ 100 ሚ.ግ/ሊ ካለው ሶሉሽን 10 ሚሊ ሊትር ወስደሽ 100 ሚሊ ሊትር አድርሺው። ከዚያ ላይ 0.5፣ 1.25 እና 2.5 ሚሊ ሊትር በየ50 ሚሊ ሊትር ፍላስኩ አድርገሽ ሪኤጀንቶቹን ጨምሪና ሙዪው፤ 0.1፣ 0.25 እና 0.5 ይሆኑልሻል።

ሰኒ_ላብ
ኩቬቱ 1 ሴ.ሜ ነው፣ አረጋገጥኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎም ኬሚም። የ10ሩ ሶሉሽን አልተደፋም፣ ጠዋት ላብ ሲከፈት አቅጥኜ አነበዋለሁ። አሁን ግራፉን እየሣልኩ ነው።

አይጥሜ
ስታነቢው ቁጥሩን እዚህ ጻፊልን፤ 0.49 ነው ወይስ 0.455?